ከዘጠኝ ዘጠነኛዋ ለዕድገት

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ለሰው ሀብት አስተዳደር የላከው የመጀመሪያው መልእክት አሥራ ሰባት ቅጽሎች ነበሩት። ሠራተኛዋ ታታሪ ነበረች፤ ታማኝ ነበረች፤ ቅን፣ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለበላይ ታዛዥ፣ ለበታች አርአያ ነበረች። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ የገዛ ጽሑፉ ሆዱን አባብቶት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያየው ሰው ልጁን የሚድር አባት እንጂ ቴክኒሻን ለፈረቃ ኃላፊነት የሚያጭ አለቃ ነው አይለውም።

መልሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። ሁለት መስመር ብቻ።

«መልእክትዎ ደርሶናል። ጠባይዋን ተረድተናል፤ ምን እንደሠራች ግን አልተጻፈም።»

የድርጅቱ ሥራ ሊፍት መጠገን ነው። ዘጠኝ ቴክኒሻኖች የከተማውን መቶ ሰማንያ ሊፍት ተከፋፍለው ያክማሉ። የራሱ የድርጅቱ ሕንጻ ሊፍት ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ አመሉ ተበላሽቷል፤ ሳምንት ሠርቶ ሳምንት ያርፋል። በሩ ላይ የሚለጠፈው «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ከመነሣትና ከመለጠፍ ብዛት ጫፉ እንደ አሮጌ የኪስ መሐረብ ተንጨፍርሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። የሰው ሀብት አስተዳደር ያለው ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊው ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። እያለከለከ ደረሰ።

የሰው ሀብት ኃላፊዋን ሠራተኛው በሌለችበት «ወይዘሮ ማስረጃ» ይላታል። እንዴት አደሩ ቢሏት እንኳ በምን አወቁ የምትል ሴት ናት ይባላል። ሐሜት ነው፤ ግን ሐሜትም ከመሬት ተነሥቶ አይወራም።

«ይቀመጡ» አለችው። «መጀመሪያ ይተንፍሱ።»

«አሥራ ሰባት ምስጋና ጽፌ» አለ ቁጭ ሳይል፣ «ምን እንደሠራች አልተጻፈም ይባላል?»

«ታታሪ ናት ብለዋል። ምን አድርጋ?»

«ታታሪ ሆና ነዋ!»

«ታማኝ ናትም ብለዋል። ሌሎቹ ሊፍት በኪሳቸው ይዘው ነው እንዴ ወደ ቤት የሚገቡት?»

ኃላፊው ተቀመጠ። ወይዘሮ ማስረጃ መነጽሯን አወለቀች፤ ይህ በእሷ ቋንቋ የርኅራኄ ምልክት ነው።

«ኮሚቴው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ጠይቀው ጠይቀው የሚያደክሙኝ እነሱ ናቸው። ምን አመጣች? በቁጥር። ከምን ጋር ሲወዳደር? የእሷ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል፣ ዕድል ቢሆንስ? ጎበዝ ጠጋኝ መሆኗ ሌላውን ለመምራት ምን ይጠቅማታል? እነዚህን ይመልሱልኝ። ቅጽሎቹን ለቀብር ንግግር ያስቀምጧቸው፣ ያኔ ማስረጃ የሚጠይቅዎ የለም።»

«ሰዓት አክባሪ የሚለው እንኳ አይቀርም?»

«እሱም ይቅር። ለዚሁ ቦታ ሌላ ማመልከቻ ደርሶኛል። አመልካቹ ራሱ ነው የጻፈው፤ አንድም ቅጽል የለው። ‹ባለፈው ዓመት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የብልሽት ጥሪ ዘግቻለሁ፤ ከዘጠኙ አንደኛ ነኝ።› አለቀ። ማስረጃው ፎቶግራፍ ነው።» ኮምፒውተሯን አዞረችለት። «ይህ የእርስዎ ሰሌዳ አይደለም?»

የእሱ ሰሌዳ ነበር። ደግሞ አምሮበት ነበር የተነሣው።

«የእርስዎዋስ ስንት ዘጋች?» አለች ወይዘሮ ማስረጃ።

«አርባ አንድ።»

«ከዘጠኝ ስንተኛ?»

ሰውየው ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ጫማውን አየ። ከሦስቱም እርዳታ አጣ።

«ዘጠነኛ» አለ።

ሰሌዳው የሚገኘው ምድር ቤት፣ በጥገና ክፍሉ አዳራሽ፣ ከውኃ ማቀዝቀዣው በላይ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል፣ ወፍራም ነጭ ሰሌዳ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ኃላፊው ራሱ ፈለሰፈው። የየቴክኒሻኑ ስም በአንድ በኩል፣ በወሩ የዘጋው የብልሽት ጥሪ በሌላ በኩል፤ ደንበኛ «ሊፍቴ ቆመ» ብሎ ይደውላል፣ ቴክኒሻኑ ሄዶ ያስነሣል፣ ጥሪው ተዘጋ ይባላል፣ ሰሌዳው ላይ አንድ ይጨመራል። ብዙ የዘጋ ከወርቃማ ወረቀት የተቆረጠ ኮከብ ይለጠፍለታል። ለዚህ ፈጠራው ሥራ አስኪያጁ ለኃላፊው የምስክር ወረቀት ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ቤቱ ሳሎን ተሰቅሏል፣ ከሠርጉ ፎቶ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። ሚስቱ ስንዝሩን አትረሳለትም።

የሰሌዳው ንጉሥ «ዘጊው» ይባላል። ፈጣን ነው፣ ተጫዋች ነው፣ ሞተር ብስክሌቱ ከሕንጻ ሕንጻ ሲበር የሚያየው ሁሉ ከተማው በእሱ ትከሻ የቆመ ይመስለዋል። ሊፍት ተበላሸ ሲባል ደርሶ፣ አጥፍቶ አብርቶ፣ በሩን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ፣ «በሉ ውጡ ውረዱ» ብሎ ይሄዳል። በሳምንቱ ያው ሊፍት ያው በሩ ይያዛል፤ ዘጊው ይደርሳል፤ ሰሌዳው ላይ ሌላ አንድ።

ኃላፊው ከአምስተኛ ፎቅ ወርዶ ሲገባ ዘጊው ውኃ እየጠጣ የራሱን ኮከቦች ያደንቅ ነበር።

«አለቃዬ፣ ሰኞ እንግዲህ የማን አለቃ እንደምሆን ያውቃሉ አይደል?»

«የጉራ።»

«ጉራ ቁጥር አለው እንዴ? ይህ የእርስዎ ሰሌዳ ነው፣ እኔ የሰሌዳው ልጅ ነኝ። አባት ልጁን አይክድም።»

የታጨችው ቴክኒሻን ጥጉ ላይ፣ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ቅጽል ስሟ «ጭጭ» ነው። ሊፍቶቿም ጭጭ፣ እሷም ጭጭ። ቀና ብላ ኃላፊውን አየችውና ሳህኗን ከደነች።

«አለቃ፣ ሁለት ደቂቃ አለዎት?»

ወደ መለዋወጫ መጋዘኑ ገቡ።

«እሱ ሰኞ ከተሾመ እኔ ማክሰኞ የለሁም» አለችው። ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢፈልግ አጣ። «ለማስፈራራት አይደለም። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሠርቻለሁ፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ከእሱ ሥር ሆኜ ‹ቶሎ ዝጊና ነይ› ስባል፣ ሊፍት ማበላሸት አለብኝ። አልተማርኩትም።»

«ኧረ ደግፌሻለሁ እኮ! አሥራ ሰባት...»

«አሥራ ሰባት ምን?»

«ተይው» አለ ኃላፊው። «እስከ ሰኞ ጠብቂኝ።»

ቤቱ ሲገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ጠረጴዛውን የፈተና ወረቀት አልብሳው በቀይ እስክርቢቶ የሰው ልጅ ተስፋ ትሰርዛለች። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ብሶቱን ዘረገፈላት። ስለ ቅጽሎቹ፣ ስለ አርባ አንዱ፣ ስለ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ።

«ቆይ ቆይ» አለችው ቀና ሳትል። «የማን ሊፍት ነው የሚቆመው?»

«የዘጊው።»

«የሚያስነሣውስ?»

«ዘጊው።»

«ያው ሊፍት?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያችንን የሠራውን ሰው ታስታውሰዋለህ? አሥራ አንድ ጊዜ ነው የመጣው። በመጣ ቁጥር ሌላ ጋ ያፈስሳል። በአንተ ሰሌዳ ቢሆን ኮከብ ይገባው ነበር!»

ኃላፊው አሁን ገባው፤ ለካ አምስት ዓመት ሙሉ በየወሩ መሰላል ላይ ወጥቶ ኮከብ ሲለጥፍ የኖረው ለጣሪያ ሠሪው ነበር።

«ግን አትቸኩል» አለች ሚስቱ፤ አስተማሪነቷ ተነሥቶባታል። «የእሷ የማይበላሹት አዳዲስ ስለሆኑስ? ጎበዝ ጎበዝ ተማሪ የደረሰው አስተማሪ ሁሉ ሊቅ ይመስላል። የአስተማሪ ጉብዝና የሚታየው ክፍል ሲቀያየር ነው። የእሱን ክፍል ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ ብትሰጥ...»

ኃላፊው ኮቱን ግማሽ እንዳወለቀ ቀረ።

«ምን ሆንክ?»

«ሰጥቻለሁ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሥራ ሰዓት፣ ጭጭን በቀለም ባልዲዋ ላይ ተቀምጣ የሊፍት መመሪያ መጽሐፍ ስታነብ አገኛት። ሰሌዳውን አየ፤ ዘጠነኛ። መጽሐፉን አየ። «ይቺ ልጅ ሥራ ፈታለች» አለ በሆዱ። «ሰው በጥሪ ይሯሯጣል፣ እሷ ትማራለች!» በማግሥቱ በዘጊው እጅ የነበሩትን ስምንት አመለኛ ሊፍቶች ለእሷ፣ የእሷን ስምንት ጨዋ ሊፍቶች ለዘጊው የሚሰጥ ማስታወሻ ጻፈ። ከላይ «የሥራ ጫናን ለማመጣጠን» የሚል ርእስ ሰጠው፤ ቅጣት ነው ብሎ የሚጽፍ አለቃ የለምና። ከሥር ፈረመ፤ ማኅተም መታ። ከዚያም በኋላ የዘጊው ኮከብ አልቆመም። ከዚያ ወዲህ ነው የድርጅቱ የራሱ ሊፍት ደረት ያመመው፤ ከስምንቱ ጨዋዎች አንዱ እሱ ነበርና።

ሚስቱ ሰምታ ስትጨርስ ሳቋ ጎረቤት ተሻገረ። «የልጆቼ አባት፣ ሳታውቀው እኮ ሙከራ ሠራህ! ሰው ለዚህ ሁለተኛ ዲግሪ ይማራል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኃላፊው ባዶ ቢሮ ገብቶ የሁለት ዓመት የጥሪ መዝገብ አወጣ። መዝገቡ የሊፍቱን ቁጥር፣ ደንበኛው የደወለበትን ሰዓት፣ የብልሽቱን ዓይነት፣ የሄደውን ቴክኒሻን ይዟል። አምስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንት ተዘጋ። ዛሬ ግን በሊፍት ቁጥር ደረደረው፤ በወሩ ድምር ፈንታ የእያንዳንዱን ታሪክ አነበበ። ታሪኩም አሳፋሪ ነበር።

ስምንቱ አመለኞች በዘጊው እጅ በነበሩበት ዓመት ዘጠና ስድስት ጊዜ ተጠርቶባቸዋል። በጭጭ እጅ በቆዩበት ዓመት አሥራ ዘጠኝ። ስምንቱ ጨዋዎች ደግሞ በእሷ ዓመት አሥራ አንድ፣ በእሱ ዓመት ሃምሳ ስምንት። ኃላፊው ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደመረ፤ ሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ መጣ፣ ተስፋ ቆረጠ።

ለሚስቱ ደወለ።

«ከአመለኞቹ አንዱ» አለችው፣ «መካከል ላይ አዲስ ነገር አልተገጠመለትም?»

አየ። አንዱ ሞተሩ ተቀይሯል። እየረገመ ከድምሩ አወጣው።

«ሞተሩ የሠራውን ለእሷ ከሰጠሃት ኮሚቴው አንዱን ውሸት ያገኝና ሁሉንም ይጥለዋል» አለችው። የቀሩት ሰባቱ ከሰማንያ ሦስት ወደ አሥራ ስምንት ወርደው ነበር። አሁንም ያስደነግጣል።

ከዚያ የየወሩን ምርመራ ወረቀቶች ከፈተ። ከመበላሸቱ በፊት በየወሩ ሊፍቱን ማየት የሁሉም ግዴታ ነው። ዘጊው በአንድ ሊፍት ላይ በአማካይ አሥራ አምስት ደቂቃ፤ ጭጭ አንድ ሰዓት ከአሥር። አሥራ አምስት ደቂቃ ለምን እንደሚበቃ ኃላፊው የድሮ ጠጋኝ ስለሆነ ያውቃል፤ ሰላም ለማለትና ለመፈረም። እሷ ግን የበሩ ሐዲድ ውስጥ የሚገባውን አሸዋና የከረሜላ ወረቀት ትጠርጋለች፤ በሩ የተንጠለጠለባቸውን ጎማዎች ታያለች፤ የበሩን ቁልፍ መገናኛ ታጸዳለች፤ ፍሬኑን ትለካለች። ሊፍት የሚቆመው ብዙውን ጊዜ በሩ ላይ ነው። በሩ በትክክል መዘጋቱን ካላወቀ አይንቀሳቀስም፤ ፈሪ እንስሳ ነው።

እስክርቢቶውን አስቀምጦ ባለ ዘጠኝ ፎቁ ሕንጻ ዘበኛ ጋ ደወለ። የሕንጻው ሊፍት ከአመለኞቹ ሁሉ ክፉው ነበር፤ ድሮ ዘበኛው በሳምንት ሁለት ጊዜ እየደወለ የኃላፊውን ዘር ማንዘር ይዘረዝር ነበር።

«ጋሼ፣ ስለ ሊፍቱ አንድ ምስክርነት ይጽፉልኝ?»

«የምን ሊፍት?» አለ ዘበኛው።

«የእርስዎ ሊፍት።»

«እ፣ እሱ። ምን ብዬ?»

«እንዴት ነው?»

«ይወጣል፣ ይወርዳል። ሌላ ምን ይሁን? ሊፍት አይደል እንዴ! ስለ ሊፍቱ የምጽፈው የለኝም።»

«እሱኑ ይጻፉልኝ።»

«ምኑን?»

«የሚጽፉት እንደሌለ። ቀንና ፊርማ ያለበት።»

ከቀትር በኋላ የወረቀቱ ፎቶ በስልኩ ደረሰ። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ «እኔ የሕንጻው ጥበቃ፣ ስለ ሊፍቱ የምለው የለኝም። ካሁን በፊት ብዙ ነበረኝ።»

የቀረው የማስታወሻው ነገር ነበር። ኃላፊው የጻፈውን ሲያነብ አንድ ጉድጓድ ታየው፤ ሊፍቶቹ ለምን ተቀያየሩ? «የሥራ ጫናን ለማመጣጠን» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ማንም አይጠይቅም፤ ሰሌዳውም፣ የሳሎኑ መስታወትም፣ ስንዝሩም ባለበት ይቀራል። ጽፎት ለሚስቱ አነበበላት። በስልኩ ውስጥ ቀዩ እስክርቢቶ ሲሰርዝ ተሰማው።

«ለምን እንደቀየርክ ካልጻፍክ፣ ለወዳጅህ ሊሻሻሉ የደረሱትን መርጠህ የሰጠሃት ይመስላል። ወዳጅህ እንዳልነበረች፣ ልትቀጣት እንደሰጠሃት ስትጽፍ ብቻ ነው ቁጥሩ የሚታመነው።»

«እኔ ከሰው ፊት እንዲህ ልዋረድ?»

«ውርደትህ እኮ ነው ማስረጃዋ፣ የኔ ጌታ።»

ስለ ስንዝሩ ግን ምንም ሳታነሣ፣ ከትዳራቸው ወዲህ ትልቁን ቸርነት አደረገችለት።

ኃላፊው ወደ አዳራሹ ወረደ። ሰሌዳው ባዶው ክፍል ውስጥ በኮከቦቹ አጊጦ ያበራል። በስተመጨረሻው መስመር የጭጭ ስም፣ አጠገቡ ሦስት። ሦስት ጥሪ በወር። ያኔ ይህችን ሦስት ሲያይ ስንፍና ነበር የታየው። አሁን ደግሞ ሊፍት ውስጥ ያልታሰረ ሰው ሁሉ ታየው፤ ያልዘገየች ሐኪም፣ ያልተሸበረ አዛውንት፣ በደረጃ ያልተሸከሙት ማቀዝቀዣ። እነዚህ ሁሉ መጥተው አያመሰግኑም፤ ከምን እንደዳኑ አያውቁምና። ተመልሶ ወጥቶ ጻፈ።

«ጉዳዩ፦ ለፈረቃ ኃላፊነት የዕድገት ድጋፍ። ባለፈው የላክሁትን ይተኩልኝ።

የማቀርባት ቴክኒሻን ከአንድ ዓመት በፊት የተረከበቻቸው ሰባት ሊፍቶች የብልሽት ጥሪ ከሰማንያ ሦስት ወደ አሥራ ስምንት ወርዷል። ስምንተኛው አዲስ ሞተር ስለገባለት ከቁጥሩ አውጥቼዋለሁ። በሰባቱ ውስጥ ሰው የታሰረበት ጊዜ ከአሥራ አራት ወደ አንድ ቀንሷል። በዚሁ ጊዜ እሷ ያስረከበቻቸው ስምንት ሊፍቶች ከአሥራ አንድ ጥሪ ወደ ሃምሳ ስምንት ወጥተዋል። በእነዚህ በአሥራ አምስቱ ላይ በሁለቱ ዓመታት የተለወጠ ትልቅ ዕቃ የለም፤ የተለወጠው ጠጋኙ ነው። የጥሪ መዝገቡና የየወሩ ምርመራ ሰዓት ተያይዟል።

ሊፍቶቹን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። በማስታወሻው ላይ ‹የሥራ ጫናን ለማመጣጠን› ያልኩት ሐሰት ነው። ጥሪዋ ጥቂት ስለሆነ ሥራ የፈታች መስሎኝ፣ ልቀጣት ነው ከባዶቹን የሰጠኋት። ስለዚህ ቀላሉን መርጬ እንዳልሰጠኋት ፊርማዬ ይመሰክራል።

ሌላውን መምራት ትችል እንደሆነ፦ የበር አጠራረግና ምርመራ ቅደም ተከተልን በአንድ ገጽ ጽፋ ለሁለት አዲስ ቴክኒሻኖች አስተምራለች። ከዚያ በፊት በነበረው ስድስት ወር ሁለቱ ሠላሳ ሦስት ጥሪ ነበረባቸው፤ በተከታዩ ስድስት ወር ሃያ አንድ። ይህ የእሷ ብቻ ነው አልልም፤ ልጆቹም ልምድ ጨምረዋል።

የሰሌዳው ቁጥር በዚህ ውሳኔ ማስረጃ እንዳይሆን እጠይቃለሁ። የሚቆጥረው የተጠገነውን አይደለም፤ የተበላሸውን ነው። ሰሌዳውን የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

«ከሠላምታ ጋር» ብሎ ሊጨርስ ሲል እጁን በላው፤ «ሰዓት አክባሪ ናት» ብሎ ጨመረ። ማስረጃ እንደሌለው ትዝ አለውና አጠፋው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ላከው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ማስረጃ እሷ ራሷ ወደ ምድር ቤት ወረደች። እንዲህ ያለ ነገር በድርጅቱ ታሪክ አልተሰማም። ባለ ተረከዝ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ ነበረች።

«አንድ ጥያቄ» አለች። «የላኳቸው የሊፍት ቁጥሮች ውስጥ የእኛ ሕንጻ አለ። ካስረከበቻቸው ስምንቱ አንዱ።»

«አለ።»

«ማለት፣ እኔ ይህን ጫማ በእጄ ይዤ አምስት ፎቅ መውጣት የጀመርኩት...»

«በማስታወሻዬ ማግሥት ነው» አለ ኃላፊው፤ አንዴ መናዘዝ የለመደ ሰው አያቆምም።

ወይዘሮ ማስረጃ አንድ ዓመት ሙሉ የወጣችበትን ደረጃ በዓይኗ ቆጠረች።

«መዝገቡን አመሳክሬዋለሁ፤ ልክ ነው» አለች። «ለዘበኛው ደውዬ ነበር።»

«ምን አለዎት?»

«‹የምን ሊፍት?› አለኝ።» ከንፈሯ ጫፍ ላይ ከሳቅ ጋር ዝምድና ያለው ነገር ታየ። «በሃያ ዓመት ሥራዬ አለቃ ለሠራተኛው ብሎ ራሱን ሲከስ አይቼ አላውቅም። ኮሚቴው ጫማዬን በመረጃነት ካልተቀበለኝ ቃል በቃል አነብላቸዋለሁ።»

ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ አንዱ አባል ሁለት ጊዜ «ታዲያ ኮከቦቹስ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። አሥር ሰዓት ላይ ውሳኔው በመልእክት መጣ፤ ጭጭ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የፈረቃ ኃላፊ ሆናለች። ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ለብቻው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተያይዞ ነበር፤ «በማስታወሻ ላይ ትክክለኛ ያልሆነ ምክንያት ስለመጻፍ»። ማስረጃው ከገዛ መልእክቱ ተቀድቷል። ወይዘሮ ማስረጃ ለማንም አታዳላም።

ዘጊው ዜናውን የሰማው ሞተር ብስክሌቱ ላይ እንዳለ ነው። ገብቶ ኃላፊውን በዓይኑ ፈለገው።

«አለቃዬ፣ ልጅዎን ካዱ።»

«ካድኩ።»

«ከዛሬ ጀምሮ የማን ሥር ነኝ?»

«የእኔ» አለች ጭጭ ከባልዲዋ ላይ። ሁሉም ዞሮ አያት፤ ድምጿን ከባልዲው ራቅ ብሎ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ነህ። አንድ ሊፍት፣ አንድ ሰዓት ከአሥር። ከዚህ ሕንጻ እንጀምራለን።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ በር ላይ ምን ይሠራል?»

«ታየዋለህ። እጅህ ፈጣን ነው፤ ዓይንህን ነው የማስተምርህ።»

ከዚያ ወደ ኃላፊው መጣች። ወይዘሮ ማስረጃ የድጋፍ መልእክቱን ግልባጭ እንደ ደንቡ ለባለጉዳይዋ ሰጥታት ነበር፤ በእጇ ይዛዋለች።

«አነበብኩት፣ አለቃ። ‹ሥራ የፈታች መስሎኝ፣ ልቀጣት› ይላል።»

«ይላል።»

«ያኔ የማነበው የድርጅታችንን ሊፍት መመሪያ ነበር። ከአምስተኛው ገጽ ሳልወጣ ነው ሊፍቱን የነጠቁኝ።» ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ሌላ አለቃ ታታሪ ናት ብሎ ይገላግለኝ ነበር። እናመሰግናለን።»

በማግሥቱ ጠዋት ኃላፊው ሲገባ ከውኃ ማቀዝቀዣው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነበር፤ አራት የምስማር ቀዳዳና ከሌላው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቦታ። ደንግጦ ወደ ሊፍቱ በር ሄደ። በሩ ተከፍቷል፤ ከሥር፣ ሊፍቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሁለት መብራት ይንቀሳቀሳል። ጎንበስ ብሎ አየ። የጉድጓዱ ወለል የዘይትና የአቧራ ጭቃ ነው። በጭቃው ላይ ሰሌዳው በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጭጭና ዘጊው ላዩ ላይ ተንበርክከዋል። ዘጊው በአንዱ ጉልበቱ ኮከብ ደፍጥጧል።

«አለቃ፣ ወፍራም ነው» አለች ጭጭ ከታች። «እርጥበት አያሳልፍም።»

አምስት ዓመት ግድግዳ ላይ የኖረው ሰሌዳ ያን ዕለት የመጀመሪያውን ሊፍት ጠገነ። ማታ ቤቱ ሲደርስ ኃላፊው የምስክር ወረቀቱን ሊያወርድ መዶሻ ፈልጎ ወደ ሳሎን ገባ። ሚስቱም የሠርጉን ፎቶ የምትሰቅልበትን ቦታ ቀድማ በቀይ እስክርቢቶ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጋ ነበር።